ከፖስተሩ ሥር ያለው ጽሑፍ

የሁለት ተጫዋቾች ፎቶ ጎን ለጎን ቆሟል፤ በመሐላቸው የሁለቱ ክለቦች አርማ፣ ከበስተጀርባቸው ጭስና እሳት የሚመስል ቀለም። የጨዋታ ቀን ፖስተር አዲስ አበባም ይሠራ ሐዋሳ መልኩ ይኸው ነው። ፎቶው ልብ ያሞቃል። ደጋፊው በሰዓቱ፣ በራሱ በር፣ በቂ ብር ይዞ እንዲገኝ የሚያደርገው ግን ከሥሩ የሚሰፍረው የአራት አምስት መስመር ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው ፖስተሩ ካለቀ በኋላ፣ በስልክ፣ በጥድፊያ ነው።

ለማሳያ ያህል የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሊደረግ ነው እንበል። ፈረሰኞቹ በ1928 ዓ.ም.፣ ቡናማዎቹ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ከተማው ለሁለት ይከፈላል። የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊም እንዲህ ብሎ ለቀቀ እንበል፦

«ታላቁ ቀን ደረሰ! እሑድ 3:00 ሰዓት ስታዲየም እንገናኝ። ትኬት በር ላይ ይገኛል። ስታዲየሙን በደጋፊ እናጥለቅልቀው!»

ሲያነቡት ምንም የጎደለው አይመስልም። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ወኔም አለው። ችግሩ የሚታየው እሑድ ዕለት ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ጸሐፊው 3:00 ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያው መርሐ ግብር ላይ 15:00 የሚል አይቶ ነው። ሀገሬው ግን ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ያ ሰዓት ለእሱ ከቀኑ 9:00 ነው። ልዩነቱ ምንጊዜም ስድስት ሰዓት ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የተሳሳተው ቁጥር ራሱ ትክክል መስሎ መታየቱ ነው። 3:00 ሲባል ደጋፊው «በጠዋት ኳስ የለም» ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። ስልኩ ላይ 1:00 ያየ ሰው ግን አይጠራጠርም። ስልኩ የሚለው ከቀኑ 7:00 ነው፤ እሱ ደግሞ ምሽት 1:00 ብሎ ይይዘዋል፤ ምሽት 1:00 ኳስ መጫወት የተለመደ ነውና። ማልያውን ለብሶ ሲደርስ ስታዲየሙን ጠራጊዎች ይዘውታል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ጸሐፊ ሰዓቱን ብቻውን አያስቀምጥም። «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ይላል፤ ውጭ ሀገር ሆኖ የሚያነብ ደጋፊ ካለ 15:00 ብሎ ከጎኑ ይጨምራል። ለሌሊት ጨዋታ ደግሞ ቀኑም ይምታታል። በስልክ ሰዓት ረቡዕ 00:30 የሚጀምር ጨዋታ ለአንዱ የማክሰኞ ሌሊት፣ ለሌላው የረቡዕ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30» ካሉት ግን የሚከራከር የለም። በሰሜን አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድርም ያው ጣጣ አለበት፤ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሄደ ሰው «3 ሰዓት» ሲባል የሚነቃው በጠዋት ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ቦታው ይመጣል። ድሮ «ስታዲየም» ማለት በቂ ነበር፤ ባለሜዳው ክለብ የት እንደሚጫወት ሁሉም ያውቃል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ለተወሰኑ ሳምንታት በአንድ ከተማ ተሰባስበው መጫወት በመጀመራቸው «ሜዳችን» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። በአንድ ስታዲየም፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ይደረጋል። ይሄኔ ከተማውን መጥቀስ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ትኬት ሁለቱንም ጨዋታ ያሳይ እንደሆነ መነገር አለበት። ካልተነገረ የመጀመሪያውን ጨዋታ አይቶ መቀመጫው ላይ በቆየ ሰውና ለሁለተኛው ጨዋታ ከፍሎ በገባ ሰው መካከል የሚነሳውን ጭቅጭቅ የሚዳኘው በረኛው ነው።

ዋጋን በተመለከተ «ትኬት በር ላይ ይገኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም የከፋው ነው። ስንት? ለየትኛው መቀመጫ? ደጋፊው ይህን ካላወቀ መስኮቱ ላይ ደርሶ ነው የሚጠይቀው፤ ከኋላው ያለው ሰልፍ ይቆማል። የዋጋው ቁጥር ራሱ ሰልፉን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ትልልቆቹ የብር ኖታዎቻችን ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 200 ናቸው። ትኬቱ 50 ወይም 100 ብር ከሆነ ሰው ብሩን አቀብሎ ያልፋል። 70 ብር ሲሆን ግን «ዝርዝር አለህ?» «የለኝም» የሚለው ምልልስ ይጀመራል፤ ይህ ክርክር በእያንዳንዱ ሰው ላይ አሥር ሰከንድ ቢወስድ በመቶ ሰው አሥራ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። በቴሌብር አስቀድሞ የሚሸጥ ከሆነም ሽያጩ መቼ እንደሚዘጋ መጻፍ ግድ ነው። ይፋዊ ዋጋውና መሸጫው በግልጽ ሲታወቅ አየር በአየር የሚቸረችረው ሰው ትርፉ ይቀንሳል፤ የሚኖረው ገዢው ትክክለኛውን ዋጋ ባለማወቁ ነውና።

አሁን ወደ በሩ እንድረስ፤ ጽሑፉ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ክፍሎች ደጋፊው ያወጣላቸው ስም አላቸው፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። ለአዲስ አበባ ልጅ ከዚህ የተሻለ አድራሻ የለም። ከጅማ ወይም ከደሴ የመጣ እንግዳ ግን ካታንጋ በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም፤ በተሳሳተው በር ተሰልፎ፣ ትኬቱ እዚያ እንደማይሠራ ሲነገረው ሕዝቡን እየገፋ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ፊት በሚገፋ ሰልፍ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው አደገኛ ነገር ነው። ስለዚህ የክፍሉ ስም፣ የበሩ ቁጥርና በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ምልክት አብረው ቢጻፉ ሦስት ተጨማሪ ቃላት ቢያስወጡ ነው።

ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ፣ ኦሌምቤ ስታዲየም የሆነውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ካሜሩን ከኮሞሮስ ጋር ልትጫወት ስትል በአንደኛው መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞቱ። የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ በማግስቱ የተናገሩት ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር ነው። ዋልያዎቹ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ ስታዲየም ከኬፕ ቨርዴና ከካሜሩን ጋር ተጫውተዋል። እርግጥ ነው፣ የተዘጋ በር ማስታወቂያ ስለጻፉለት አይከፈትም። በር ሲቀየር ግን ሕዝቡ መንገድ ላይ ሳለ የሚደርሰው መልእክት ከዚያው ገጽ የሚወጣው ነው።

የበር ሒሳብ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። የእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ አንድ መግቢያ በሰዓት ከ660 ሰው በላይ ያስገባል ተብሎ መታቀድ የለበትም ይላል። የእኛ ምሳሌ ውስጥ ለአንድ ወገን 6,000 ደጋፊ መጥቶ አራት መግቢያ ቢኖረው፣ በአንድ ሰዓት ቢበዛ 2,640 ሰው ይገባል። ሁሉንም ለማስገባት ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ያስፈልጋል፤ ያውም ፍተሻው ካላዘገየ። በሩ ከጨዋታው አንድ ሰዓት አስቀድሞ የሚከፈት ከሆነ ፊሽካው ሲነፋ ከግማሽ በላይ ደጋፊ ውጭ ነው። ውስጥ ያለው ሲጮኽ ውጭ ያለው ይገፋል፤ ግፊያው የሚጀምረው በዚህች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ከጨዋታው መጀመሪያ ሰዓት ይልቅ የበሩ መክፈቻ ሰዓት በጉልህ ቢጻፍ ይሻላል፤ የሚገርመው ግን ብዙ ፖስተር ላይ ጭራሽ አለመኖሩ ነው።

ወኔ ቀስቃሹን መስመር ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል፤ እኔ አላየውም። «ስታዲየሙን እናጥለቅልቀው» የሚለው ጥሪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠራል፣ መቼ እንደሚመጡ ግን አይነግርም። «8:30 ላይ ዝማሬው ይጀመራል፤ ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ የመጀመሪያው ጭብጨባ የእኛ ይሁን» ቢባልስ? ደጋፊው ቀድሞ የሚገባበት ምክንያት ያገኛል፣ ሰልፉም ይበተናል። ይኼኛው ወኔም አለው፣ ሥራም ይሠራል። ተጋጣሚን የሚሰድብ መስመር ግን ሁለቱም የለውም፤ የሚያመጣው ሌላው ወገን ተናዶ በዚያው መንገድ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

የቃና ስሕተት ትልልቆቹንም ይነካል። ግንቦት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊጫወቱ ሲሉ ጨዋታው 36 ደቂቃ ዘገየ። የስታዲየሙ ስክሪን ምክንያቱ የደጋፊዎች ዘግይቶ መድረስ ነው አለ። ውጭ ቆመው የነበሩት ግን አብዛኞቹ ቀድመው የደረሱ፣ በጠባብ መተላለፊያ ታጉረው አስለቃሽ ጭስ የተተኮሰባቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት ዋናውን ኃላፊነት የጣለው በዩኤፋ ላይ ነው። ያቺ የስክሪን መስመር ግን እስከ ዛሬ በደጋፊው ዘንድ ቂም ናት።

እነዚህን ሁሉ ይዞ የመጀመሪያው ጽሑፍ እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ሊመጣ ይችላል፤ ቀኑ፣ ዋጋውና የበሩ ቁጥር ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፦

«እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። በር የሚከፈተው ከቀኑ 6:30፣ ጨዋታው የሚጀመረው ከቀኑ 9:00 (15:00)። ካታንጋ 50 ብር፣ በር 4፤ ጥላ ፎቅ 200 ብር፣ በር 1። ትኬት በቴሌብር እስከ ቅዳሜ ምሽት 2:00፤ ከዚያ በኋላ በር ላይ፣ ዝርዝር ይዛችሁ ኑ። 8:30 ዝማሬው ይጀመራል። ፈረሰኞች፣ ድምፃችን ከፊሽካው ይቅደም!»

ርዝመቱ የስልክ ስክሪን አይሞላም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታው ቢሸጋገር ወይም በር ቢቀየር አሮጌው ፖስተር ከየግሩፑ አይጠፋም፣ ሲቀባበሉት ይውላል። አዲሱ ከሌላ ቀለም ጋር ይወጣ፤ ከላዩ «ተቀይሯል» ተብሎ የወጣበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። ዋናው ገጽ ላይ ያለው አሮጌ ደግሞ ዝም ተብሎ ከሚሰረዝ የታረመው ሰዓት እዚያው ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ቢጨመር ይመረጣል፤ ከሁለት ቀን በፊት ያስቀመጠውን ሰው የሚያገኘው እዚያ ነውና።