ስልክ ሲጠፋ ዝም አይባልም

አሥራ ሁለት ሠራተኞች ያሉትን አንድ የሴራሚክ አከፋፋይ ድርጅት እንውሰድ። ድርጅቱ ለማንም ስልክ አልገዛም፤ ሁሉም በየራሱ ስልክ ይሠራል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ዋጋ የምትልከውም፣ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ የምትቀበለውም በራሷ ቴሌግራም ነው። አርብ ማታ ታክሲ ውስጥ ስልኳ ይሰረቃል። "ምን ይሉኛል" ብላ እስከ ሰኞ ዝም ትላለች።

ስልኩ በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ሲም ካርዱ ግን አልተቆለፈም። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል፤ በአጭር መልዕክት የመጣለትን የቴሌግራም ኮድ አስገብቶ በእሷ ስም ይገባል። ከደንበኞች ጋር የተጻጻፈችው ሁሉ ፊቱ ይዘረገፋል። ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ደንበኞች "የሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል፤ ቀሪውን ክፍያ እዚህ አስገቡልን" ብሎ ይጽፋል። መልዕክቱ የመጣው ከምታውቃት ልጅ ስለሆነ የሚጠረጥር አይኖርም።

ስለዚህ የግል ስልክ አጠቃቀም ደንብ ሲጻፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ሊሆን ይገባል፦ "ስልክዎ ከጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሥራ አስኪያጁ ይደውሉ፣ ሌሊትም ቢሆን። ስልክ ስለጠፋበት የሚቀጣ ሠራተኛ የለም፤ ከደመወዙም አይቆረጥበትም።" ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚሰርዝ አሠሪ የመጀመሪያውንም ሰርዞታል፤ የፈራ ሰው አይደውልም።

ፍጥነቱ ለምን አስፈለገ? ቴሌግራም አዲስ የገባን ሰው ለ24 ሰዓት ያህል ሌሎችን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ልጅቷ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራሟን ከፍታ ከሆነ Settings ውስጥ Devices የሚለውን ገብታ Terminate All Other Sessions ስትጫን ሌባው ወዲያው ይወጣል። ከዚያ 994 ደውላ ሲሙን ታዘጋለች፤ ድርጅቱም ለደንበኞቹ ይደውላል። ሰኞ ሲሆን ግን ያ ጊዜ አልፏል።

ሁለተኛው አንቀጽ ቅድመ ዝግጅቱን ይመለከታል፦ የሥራ ቴሌግራም ያለበት ስልክ ሁሉ የሲም ፒን እና Two-Step Verification ይኑረው። የሲም ፒን ካለ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢገባም አይሠራም። የመጀመሪያው ፒን አብዛኛውን ጊዜ ሲሙ ተሰብሮ የወጣበት ካርድ ላይ ተጽፏል። ካርዱ ከሌለ በግምት አትሞክሩ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ተቆልፎ ፑክ የተባለውን ሌላ ቁጥር ይጠይቃል። Two-Step Verification ደግሞ ኮዱን ያገኘ ሰው ተጨማሪ የይለፍ ቃል እንዲያስገባ ያደርጋል።

ሦስተኛው የድርጅቱ ግዴታ ነው፦ "ድርጅቱ የሠራተኛውን ፎቶ፣ የግል መልዕክትና የጥሪ ዝርዝር አያይም፤ ስልኩንም አስረክብ አይልም።" ስልኩ የሠራተኛው ንብረት ስለሆነ ይህ በጽሑፍ ሳይሰፍር ፊርማ መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

ከመፈረማችሁ በፊት ስልካችሁን አጥፍታችሁ አብሩት። የሲም ፒን ካልጠየቃችሁ ሲማችሁ ገና አልተቆለፈም።