የፕሮጀክት ማለፊያ ነጥብ ከየት ይመጣል?

ዱቄት የሚያመርት አንድ አክሲዮን ማኅበር የመኮሮኒ ማምረቻ መስመር ሊተክል አሰበ እንበል። መስመሩ 20 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ግብር ተከፍሎ፣ ወለድ ግን ገና ሳይነካው፣ በየዓመቱ 3.8 ሚሊዮን ብር ያስገባል፤ ይህ 19 በመቶ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለቦርዱ ሲያስረዱ፣ «ባንኩ ሙሉውን ገንዘብ በ18 በመቶ ሊያበድረን ተስማምቷል። በ18 ተበድረን በ19 ካተረፍን ምን ያከራክረናል?» ይላሉ። የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሳሉ፤ «ለመሆኑ ባንኩ የሚያበድረን ምን አስይዘን ነው?»

የሚያዘው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ደግሞ በአብዛኛው የተሠራው በባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው። ባንኩ በ18 በመቶ ለማበደር የደፈረው፣ ኪሳራ ቢመጣ አስቀድሞ የሚመታው የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ ስለሆነ ነው። ብድሩ ርካሽ የመሰለው የእነሱ ገንዘብ ከኋላው ስለቆመ ነውና፣ የመኮሮኒው መስመር የሁለቱንም ገንዘብ ዋጋ መሸፈን አለበት።

ዋጋው እንዲህ ይሰላል። በማኅበሩ መዝገብ ላይ 60 ሚሊዮን ብር የባለአክሲዮኖች፣ 40 ሚሊዮን ብር የባንክ ገንዘብ አለ። ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ላይ ስለሚቀነስ፣ በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር የ18 በመቶው ብድር በተጨባጭ የሚያስወጣው 12.6 በመቶ ነው። (ፋብሪካው ከስሮ ወይም በግብር እፎይታ ላይ ሆኖ ግብር የማይከፍል ከሆነ ግን ይህ ቅናሽ የለም፤ ብድሩ 18 በመቶ እንደሆነ ይቀራል።)

አስቸጋሪው የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ዋጋ ነው። በየወሩ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ስለማይመጣበት ብዙዎች እንደ ነፃ ገንዘብ ያዩታል። ነገር ግን ባለአክሲዮን ከባንኩ ኋላ ተሰልፎ የተረፈውን የሚወስድ ነው፤ ከባንኩ የበለጠ ካልጠበቀ ገንዘቡን እዚያ የሚያቆይበት ምክንያት የለውም። ስንት ይበልጣል? የቆየ የአክሲዮን ገበያ ባለባቸው አገሮች ለዓመታት ከተመዘገበ የዋጋ መዋዠቅ ይገመታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ግን ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በብድሩ ወለድ ላይ ለሥጋቱ የሚሆን ጭማሪ ማድረግ ይሻላል። እኛ 8 ነጥብ ጨምረን 26 በመቶ እንበል። ሁለቱን በየድርሻቸው ስንመዝን፦

0.60 × 26 + 0.40 × 12.6 = 20.64

ይህ 20.64 በመቶ በየድርሻው የተመዘነ የካፒታል አማካይ ዋጋ ይባላል፤ የፕሮጀክቱም ማለፊያ ነጥብ እሱ ነው። 19 ያመጣው መስመር ወድቋል። ለምን ወደቀ ቢሉ፣ ከ20 ሚሊዮኑ 8ቱን የባንክ፣ 12ቱን የባለአክሲዮን አድርገው ያስቡት። ከ3.8 ሚሊዮኑ ላይ ለብድሩ 1.008 ሚሊዮን ሲነሳ ለባለአክሲዮኖቹ 2.792 ሚሊዮን ይቀራል፤ ይህም በ12 ሚሊዮናቸው ላይ 23 በመቶ ገደማ ነው። ባንኩ የውሉን አላጣም። የጎደለው ከባለአክሲዮኖቹ ነው።

የሥራ አስኪያጁ አካሄድ ሌላም ጉዳት አለው። ዘንድሮ ብድሩን በ19 በመቶ ፕሮጀክት ላይ ከጨረሱት፣ በሚቀጥለው ዓመት 24 በመቶ የሚያስገኝ የወፍጮ እድሳት ሲመጣ ባንኩ «ማስያዣችሁ አልቋል» ይላል። ያኔ ያለው አማራጭ የ26 በመቶው የባለአክሲዮን ገንዘብ ብቻ ስለሚሆን፣ በዚያው ስሌት 24 በመቶው ይጣላል። ደካማው ቀድሞ በመምጣቱ ብቻ አልፎ፣ ብርቱው ወደቀ ማለት ነው።

ማለፊያ ነጥቡ የሚያገለግለው ግን ሥጋቱ ከፋብሪካው ሥራ ጋር ለሚቀራረብ ፕሮጀክት ነው። ይኸው ማኅበር የጭነት መኪና ገዝቶ ትራንስፖርት ልግባ ቢል፣ የትራንስፖርት ሥራን ሥጋት የሚመጥን ሌላ ነጥብ ማውጣት አለበት።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ግን 20.64ንም አልተቀበሉትም። 60 ሚሊዮኑ ሕንፃው በተሠራበት ዘመን የተጻፈ ቁጥር ነው። ዛሬ ፋብሪካው ቢሸጥ ዕዳው ተከፍሎ ለባለአክሲዮኖቹ 120 ሚሊዮን ብር ይተርፋል፤ 26 በመቶም የሚጠብቁት በዚህ ላይ ነው፤ 120 ሚሊዮን ብሩን ሸጠው ሌላ ቦታ ሊያውሉት ይችላሉና። ስለዚህ ድርሻው 75 በ25 ሆነ፤ አማካዩም 22.65 በመቶ። 3.8 ሚሊዮኑን ለዚህ ሲያካፍሉት 16.8 ሚሊዮን ብር ገደማ ይመጣል። ኃላፊዋ ቁጥሩን አስምረው ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ አቀበሏቸው። «ሻጩ እስከዚህ ከወረደልን እንትከለው» አሏቸው።