ከሠርጉ ማግስት

ሾፌሩ የፈጠራ ሰው ነው፤ የደረሰበት ግን ሲጋራ ለማቆም ለሞከረ ሰው እንግዳ አይደለም። ከሜክሲኮ ሳር ቤት ሚኒባስ ይነዳል። መጀመሪያ ያቆመው በዐቢይ ጾም ነበር፤ የፋሲካ ዕለት ዶሮው እንደተበላ ለኮሰ። ሁለተኛው ሙከራ አራት ወር ዘለቀና የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ተሰናከለ።

ቢራውን ይዞ ከድንኳኑ ወጣ ሲል አንድ የድሮ ጓደኛው ፓኮውን ዘረጋለት። «እንካ ባክህ፣ ሠርግ አይደል እንዴ!» ተቀበለው። የመጀመሪያው ስበት ራሱን አዞረው፣ ጣዕሙም አልጣመውም፤ ቢሆንም ጨረሰው።

የኒኮቲን ጥማት ነው እንዳንል ጊዜው አልፏል። ሲጋራ ሲቆም የሚመጣው መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ግድም ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳል። ሾፌሩን የጠራው ቢራው ነው። ለዓመታት ቢራና ሲጋራ አብረው ስለኖሩ አንዱ ሲቀርብ አእምሮ ሌላውን ይጠይቃል። መጠጡ ደግሞ እምቢ የማለት አቅምን ያላላል።

ለእኔ ከሲጋራው ይልቅ የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማታ አልጋው ላይ «በቃ፣ እኔ አይሆንልኝም» ብሎ ደመደመ፤ ጠዋት ተራ እየጠበቀ ሙሉ ፓኮ ገዛ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ማርላት አጥብቀው የጻፉበት ጉዳይ ይኸው ነው። አንዴ መሰናከል አንድ ነገር ነው፣ ወደ ቀድሞው መመለስ ሌላ፤ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሰውዬው ለራሱ የሚሰጠው ፍርድ ነው። እርግጥ አንዷም ሲጋራ ቀላል አይደለችም፤ ከእሷ በኋላ የሚመለሱት ብዙዎች ናቸው። ያም ሆኖ ሌሊቱን ቀሪውን ጥሎ ማለዳውን እንደ ትናንቱ ሳያጨስ ቢጀምር ኖሮ፣ አራቱ ወር ባከነ አይባልም ነበር።

በሦስተኛው ሙከራ ቆራጥነቱን አላሳደገም፤ የለወጠው አዋዋሉን ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ተራ ጥበቃው ነበርና ወረፋ ላይ ሲቆም ከመሪው ወርዶ ጎማ ያያል፣ መስታወት ይወለውላል፣ ገብስ ቆሎ ይቆረጥማል። አምሮቱ ሲነሳ ማዕበሉ በጥቂት ደቂቃ እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ መታገሉን ትቶ ጊዜ ይገዛል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቢራ አይቀምስም። ሰሞኑን የጎረቤት ልጅ ስታገባም ሙሽሮቹን የሚያጅበውን መኪና እኔ እነዳለሁ ብሎ አስቀድሞ ተናገረ፤ ሹፌርን «ጠጣ» ብሎ የሚያስጨንቅ ብዙ የለም።

ቢሰናከልስ? ለዚህም ያኔውኑ ለሚስቱ ሊነግራት ተስማምተዋል። ያልተፈታው ረዳቱ ነው። እሱ ያጨሳል፣ ጃኬቱም ቀኑን ሙሉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።