ታክሲ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ጥቅስ አይደለም

በሚኒባስ ታክሲ የሚመላለስ ሰው ከሹፌሩ ጀርባና ከበሩ በላይ የተለጠፉትን ጽሑፎች ሳያነብ አይወርድም። ሁሉንም በአንድ ስም «የታክሲ ጥቅስ» እንላቸዋለን። ነገር ግን አንዱ ከአያቶቻችን የወረስነው ተረትና ምሳሌ ነው፤ ሌላው የአንድ ታዋቂ ሰው ንግግር፣ ሌላው መፈክር፣ ሌላው ደግሞ ሹፌሩ ራሱ አስቦ ያጻፈው ነው። ታክሲ ውስጥ ቢደባለቁ የሚጎዳ ሰው የለም። በጋዜጣ፣ በችሎት፣ በሽምግልና ላይ ግን መደባለቃቸው ይጎዳል፤ እያንዳንዱ ሰሚውን የሚያሳምንበት ጉልበት ከተለያየ ቦታ ይመጣልና። እኔ ለመለየት የምጠቀምበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዚህ ቃል ጀርባ የቆመው ማን ነው?

ከጥቅስ እንጀምር። «በዓይኑ ጠቀሰኝ» ስንል ወደ አንድ ነገር አመለከተኝ ማለታችን ነው። ጥቅስም እንዲሁ ወደ ባለቤቱ ያመለክታል። እገሌ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቃል ተናገረ ማለት ካልተቻለ የሚያመለክተው የለም። ስለዚህ ጥቅስ ሲጠቀስ ቃሉ አይለወጥም፤ ሐሳቡን ብቻ መውሰድ የፈለገ ሰው የትእምርተ ጥቅሱን ምልክት ትቶ በራሱ አባባል ይናገር። ጥቅስ የሚስማማው የተናጋሪው ማንነት ለጉዳዩ ክብደት ሲጨምር ነው። ስለ ወባ ሕክምና ስንጽፍ የሐኪሙን ቃል እንጠቅሳለን፤ የዝነኛ ዘፋኝን ቃል ብንጠቅስ ግን ዝናው በሽታውን አያስረዳልንም።

ተረትና ምሳሌ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጀርባው የቆመው ሕዝብ ነው፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ተረስቷል፣ መረሳቱም አይጎዳውም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚል አለ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቃሉ የጋራ ስለሆነ እያንዳንዱ አፍ ትንሽ ይቀርጸዋል። ጥቅስ ላይ እንዲህ ያለው ልዩነት ስሕተት ነው፤ ተረትና ምሳሌ ላይ ግን የሕይወቱ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የተለመደ አባባል ማንሳት ይገባል። «በፍጥነት መሄድ ከፈለግህ ብቻህን ሂድ፤ ሩቅ መሄድ ከፈለግህ ከሌሎች ጋር ሂድ» ይላል። በስብሰባ አዳራሽ፣ በድርጅት መጽሔት፣ በምረቃ ንግግር «የአፍሪካውያን ምሳሌያዊ አነጋገር» እየተባለ ይነገራል። አል ጎር በ2007 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማቱን ኦስሎ ላይ ሲቀበል አፍሪካዊ ምሳሌ ነው ብሎ ተናግሮታል። እኔ ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው «በየትኛው ቋንቋ?» ብዬ ነው። አፍሪካ ውስጥ ከሁለት ሺህ የማያንሱ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ «አፍሪካዊ» የሚባል ቋንቋ ግን የለም። ተረትና ምሳሌ የሚወለደው በአንድ ቋንቋ ውስጥ ነው፤ የትውልድ ቋንቋው ካልተነገረ «አፍሪካዊ» የሚለው ስም የክብር ልብስ ብቻ ይሆናል።

አሁን ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን እንመልከት። ይህም በውጭ ቋንቋዎች ተተርጉሞ «የኢትዮጵያውያን ምሳሌ» እየተባለ ይነገራል፤ የዚህኛው የትውልድ ወረቀት ግን በእጃችን አለ። «ያብር» እና «ያስር» ቤት የሚመቱት በአማርኛ ነው። በትርጉም ውስጥ ሐሳቡ ይቀራል፣ ቤቱ ይፈርሳል። አንድን አባባል ከሕዝብ አፍ የወጣ መሆኑን ለመጠርጠርም ሆነ ለማመን የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው፦ በትውልድ ቋንቋው ለጆሮ ይጥማል? ይመታል? አያቶቻችን በቃል ይዘው ያቆዩት ለመያዝ ስለሚመች ነውና።

ምሳሌ የሚስማማው መቼ ነው? ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን ሲያስማማ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ከማለት ምሳሌ ይመርጣል። ጣቱን ሳይቀስር ይናገራል፤ የሚገባው ይገባዋል፣ ማንም በአደባባይ አይዋረድም። ነገር ግን ምሳሌ ሕግ አይሆንም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ሕዝብ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎም ይመክራል። አንዱ ቀስ በል ይላል፣ ሌላው ፈጥነህ ድረስ ይላል። እርስ በርስ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚነገሩበት ጊዜ ለየቅል ነው። ሽማግሌውን አዋቂ የሚያሰኘው ከሁለቱ የትኛው ለዛሬው ነገር እንደሚሆን መለየቱ ነው። በምሳሌ ብቻ ክርክር ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ተቃራኒውን ምሳሌ ፈልጉለት፤ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

መርሕ ግን ጊዜ አይመርጥም። «ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም» የሚለው የሕግ ሰዎች ቃል «ሁልጊዜ» የሚል ድምፅ በውስጡ አለ። ዛሬ ሠርቶ ነገ የሚቀር ከሆነ መርሕ አልነበረም። ከጀርባው የቆመው ሰው ወይም ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያት ነው። «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል፦ በራሱ ጉዳይ የሚፈርድ ሰው ወደ ራሱ ያዘነብላል። ስለዚህ ቦታው የመተዳደሪያ ደንብ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። ለቅሶ ቤት መርሕ የሚያነብ ሰው ቃሉ ትክክል ቢሆንም ቦታው አይደለም።

አፎሪዝም ለሚባለው በአማርኛ የጸና ስም የለንም። አንዳንዱ ብሂል ይለዋል፤ ብሂል ግን ከአባቶች የመጣ ቃል ማለት ሆኖ በጆሯችን ስለሚሰማ ይምታታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ሥሩ ድንበር ማበጀትን ያመለክታል፤ በሂፖክራጥስ ስም የሚታወቀው የሕክምና መጽሐፍም ይህን ርእስ ይዟል፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች የተደረደሩበት ነው። አፎሪዝም የአንድ አሳቢ ሰው ምልከታ ነው፤ አያዝም፣ አይመክርም፣ አንባቢውን ያቆመዋል። ለማሳያ አንድ ልሞክር፦ «ባለዕዳ ሰው ሰፈሩን ሳይለቅ መንገዱን ይለውጣል።» ይህ ምንም አድርጉ አይልም። ግን አበዳሪውን ላለማግኘት በጓሮ የዞረ ሰው ይገባዋል። ቦታው ጸጥ ያለ ገጽ ነው፤ ሰልፍ ላይ ቢጮኽ ማንም አይከተለውም። ድንበሩ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ የፈረንሳዩ ላ ሮሽፉኮ በ1665 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ «መርሖች» በሚል ስም ቢታወቅም አብዛኛው አፎሪዝም ነው።

መፈክር ሰልፍ ላይ ይኖራል። ፉከራን የሚያስታውስ ስም ነው፤ የእንግሊዝኛው «ስሎጋን» እንኳ ከስኮትላንድ ጌሊክ የመጣ ሲሆን የጦር ሠራዊት ጩኸት ማለት ነበር። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ሁለት ቃል ነው፤ ግስ የለውም። በአንድ ትንፋሽ ይባላል፣ በእርምጃ ይመታል፣ ማንበብ የማይችለውም ሰምቶ ይይዘዋል። ስለ መፈክር መጠየቅ ያለበት «ምን ያስደርጋል?» እንጂ «ምን ያስረዳል?» አይደለም።

ያላስረዳው ነገር ግን ቆይቶ ይመጣል። «ላራሹ» ማለት በባለቤትነት ነው ወይስ በመጠቀም መብት? መሸጥ ይችላል? ስንት ሄክታር? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ እነዚህን ጥያቄዎች በየአንቀጹ መለሰ፦ መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ መሸጥና መለወጥ ተከለከለ። አርሶ አደሩ በሰልፉ ቃል ውስጥ «የኔ» የሚል ከሰማ፣ በአዋጁ ውስጥ ያገኘው «ተጠቀምበት» የሚል ነበር።