የልብስ ማለስለሻና የጥጥ ፎጣ ውሃ የመምጠጥ አቅም

ፎጣ ሲጠነክር የተለመደው መፍትሔ የልብስ ማለስለሻ መጨመር ነው። ፎጣው በእርግጥ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን እየዋለ ሲያድር ገላን ከማድረቅ ይልቅ ውሃውን በቆዳ ላይ ማንሸራተት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ አርጅቷል ተብሎ የሚጣለው እንዲህ ያለው ፎጣ ነው። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታወቅና በምን ዓይነት እጥበት እንደሚወገድ ያብራራል።

የችግሩ መነሻ

ጥጥ በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው። በሴሉሎስ ላይ የሚገኙት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ውሃን ይስባሉ። በፎጣው ገጽ ላይ ቆመው የሚታዩት የክር ቀለበቶች ደግሞ የገጹን ስፋት ያበዛሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ጠባብ ክፍተቶችም ውሃውን ወደ ውስጥ ይስቡታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሃ የጭረቱን ገጽ ማርጠብ ሲችል ብቻ ነው።

የማለስለሻ ዋና ንጥረ ነገር አንደኛው ጫፉ አዎንታዊ ሙል ያለው፣ ሌላው ጫፉ ረጅም የስብ ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል ነው። ጥጥ በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ ባለ ሙሉ ጫፍ በጭረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ውሃን የሚሸሸው የስብ ሰንሰለት ወደ ውጭ ይቀራል። ጭረቶቹ እርስ በርስ በቀላሉ ስለሚንሸራተቱ እጅ ልስላሴ ይሰማዋል፤ ውሃ ግን በዚያው ሽፋን ላይ ይንከባለላል። ማለስለሻ የሚጨመረው በመጨረሻው ማለቅለቂያ ስለሆነም ሽፋኑ ሳይታጠብ ከፎጣው ጋር ይደርቃል።

ለምሳሌ ስፋቱ 70 በ140 ሴንቲ ሜትር የሆነና በካሬ ሜትር 600 ግራም የሚመዝን ፎጣ ወደ 590 ግራም ይከብዳል። ከክብደቱ አንድ ሺህኛው ያህል ማለስለሻ ቢቀመጥበት፣ መጠኑ ወደ 0.6 ግራም ብቻ ነው። ሽፋኑ ግን በጭረቶቹ ገጽ ላይ ስለሚሰራጭ፣ በሚዛን የማይታወቀው ጭማሪ በመምጠጥ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የጠብታ ምርመራ

ደረቅ ፎጣ ተዘርግቶ ከ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አንድ የውሃ ጠብታ ይጣልበታል። ከዚያም የጠብታው ብልጭታ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ ይለካል። ይህ ለጨርቃ ጨርቅ የሚሠራበት መደበኛ ምርመራ ሲሆን፣ 5 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች በቂ መምጠጥን ያመለክታል። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆየ ገጹ ተሸፍኗል ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ሊያሳስት ስለሚችል በፎጣው ዳርና መሐል መደጋገም ይገባል።

ማስወገጃው እጥበት

በዛሬዎቹ ማለስለሻዎች በስፋት የሚገኙት ሞለኪውሎች ኤስተር የሚባል ትስስር አላቸው፤ ይህ ትስስር በአልካላይን ውሃ ውስጥ ይበጠሳል። ስለዚህ ፎጣው ለብቻው፣ በማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ እንደ ልብ እንዲገላበጥ ቦታ ተትቶለት፣ በዱቄት ሳሙናና በግማሽ ኩባያ ያህል ሶዲየም ካርቦኔት ይታጠባል። መለያው ከፈቀደ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን። በእጅ ለሚያጥብ፣ በዚሁ ውህድ ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማሸት ይቻላል፤ ሶዲየም ካርቦኔት ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንት ያስፈልጋል። የማሽኑ የማለስለሻ ማስቀመጫ አስቀድሞ ይታጠብ፤ በውስጡ የቀረው ዝቃጭ ሥራውን መልሶ ያበላሻልና። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተለቅልቆና ደርቆ ምርመራው ይደገማል። ጠብታው አሁንም ከቆየ እጥበቱን ሁለተኛ ጊዜ መድገም ይገባል።

አቼቶ ሌላ ተግባር አለው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ከተለመደው ሳሙና ጋር የሚፈጥረውን ነጭ ዝቃጭ ለማላቀቅ ይረዳል። ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር አብሮ ከተጨመረ ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ይሽራል፤ ስለዚህ በማለቅለቂያው ብቻ ይግባ። ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ማለስለሻ ሳይጨመር ልስላሴ

በጥላም ሆነ በፀሐይ ያለ ንቅናቄ የደረቀ ጥጥ የሚጠነክረው ከጭረቱ ጋር የቀረው ጥቂት ውሃ ቀለበቶቹን እርስ በርስ ስለሚያያይዝ ነው። ይህ ትስስር በእጅ ሊፈታ ይችላል። ፎጣው ከመሰቀሉ በፊት በብርቱ ይራገፋል፤ ከደረቀም በኋላ ይታሻል። ጥንካሬውን የሚፈታው እንቅስቃሴ ስለሆነ ለዚህ ኬሚካል አያስፈልግም።

ዘዴው ወሰን አለው። በሲሊኮን የተሸፈነ አዲስ ፎጣ በአልካላይን በቀላሉ አይለቅም። ቀለበቶቹ ያለቁበት ፎጣም ምንም ቢታጠብ የሚመጥጥ ገጹን አያገኝም። ከእጥበቱ በኋላ ጠብታው በፍጥነት እየገባ ፎጣው ግን ቶሎ የሚርስ ከሆነ፣ ችግሩ የሽፋን ሳይሆን የእርጅና ነው።