የሠርግ ምስጋና ካርድ፦ ለስጦታ ሰጪ፣ ለሩቅ እንግዳና መልካም ምኞት ለላከ

በአምቦና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ሳምንታት ሠርግ የሚበዛባቸው ናቸው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለእንግዶቻቸው የምስጋና ካርድ የሚያሳትሙ ሙሽሮች አሉ። ይሁን እንጂ አንድ ጽሑፍ ለሁሉም ሲታተም ቅሬታ ሊፈጥር ይችላል። «ስለ ስጦታችሁ እናመሰግናለን» የሚለው ቃል በግ ይዞ ለመጣ ዘመድ ተገቢ ነው፤ በስልክ ብቻ «እንኳን ደስ አላችሁ» ላለ ወዳጅ ሲደርስ ግን ስጦታ አለመስጠቱን የሚያስታውስ ወቀሳ ይመስላል።

ስለዚህ በማተሚያ ቤት የሚታተመው ለሁሉም የሚስማማው ክፍል ብቻ ቢሆን ይመረጣል፦ የሙሽሮቹ ስም፣ የሠርጉ ቀንና «በደስታችን ቀን ስላሰባችሁን እናመሰግናለን» የሚል ቃል። ከሥሩ በእጅ የሚጻፍ የሁለት መስመር ባዶ ቦታ ይተዋል። ለዚህም በሠርጉ ዕለት ማን ምን እንዳመጣና ከየት እንደመጣ በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ሙሽሮቹ አምቦ ይኖራሉ እንበል። የጉደሩ አጎት በግ ሰጥተዋል። ለእርሳቸው ስጦታው በስሙ ተጠርቶ ይጻፋል፦ «ጋሼ፣ ያመጡልን በግ ድግሳችንን አድምቆታል። እግዚአብሔር ይስጥልን።» ስጦታው ገንዘብ ከሆነ ግን መጠኑ አይጠቀስም፤ ማንበብ ለማይችሉ አዛውንት ካርዱን ጎረቤት ጮክ ብሎ ሊያነብላቸው ይችላልና። «የሰጡን ለጎጆ መውጫችን ሆኖናል» ማለት ይበቃል።

አክስት ደግሞ ከባኮ ተሳፍረው መጥተዋል። ለእርሳቸው ዋናው ነገር መንገዱ ነው፦ «እትዬ፣ ከባኮ ድረስ ደክመው መጥተው ስለመረቁን ደስታችን ሙሉ ሆኗል።» ስጦታም ሰጥተው ከሆነ መጀመሪያ መምጣታቸው፣ ቀጥሎ ስጦታው ይነሣል።

ውጭ አገር ያለው የሙሽራው ጓደኛ የላከው መልካም ምኞት ብቻ ነው። ለእርሱ «ባትመጣም» ወይም «ባይመችህም» የሚሉ ቃላት አይጻፉም፤ መቅረቱን ያጎላሉ። «የላክኸው መልካም ምኞት ደርሶናል፤ አንብበን ተደስተናል» ሲባል ምስጋናው በላከው ላይ ያርፋል።

የአክብሮት አጠራርም ጥንቃቄ ይሻል። ለአጎት «እርስዎ»፣ ለጓደኛ «አንተ»፣ ለባልና ሚስት «እናንተ» ተብሎ ይጻፋል። በአፋን ኦሮሞ ለሚጻፍ ካርድም ልዩነቱ አለ፦ ለታላቅ ወይም ለብዙዎች «ገለቶማ»፣ ለአንድ እኩያ «ገለቶሚ» ይባላል። የታተመውን «እናንተ» በእጅ ከተጻፈው «አንተ» ጋር ማደባለቅ የሚያሰጋ ከሆነ፣ የሚታተመውን ቃል «በደስታችን ቀን ላገኘነው መታሰብ ምስጋናችን የላቀ ነው» ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ለማንም ይስማማል።