የገናን ግብዣ በአንድ ሲባጎ

ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ በየብሎኩ ለልጆች ግብዣ የምታዘጋጁ ተማሪዎች አሁን ማሰብ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማስዋብ እንጽፋለን። ብዙ ሰው ማስዋብ ማለት ብዙ ነገር መስቀል ይመስለዋል፤ ግን አንድ ሐሳብ ከተመረጠ ትንሽ ነገርም ይበቃል።

ሐሳቡ ምን ይሁን? በቴሌቪዥን የምናየው የገና ጌጥ በረዶ ነው፤ ለዚህም ጥጥ የሚበትኑ አሉ። እኛ ሰፈር ግን በታኅሣሥ ያለው ብርድና ፀሐይ እንጂ በረዶ አይደለም። ጥጥ ደግሞ ሻማ አጠገብ ከሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሰብአ ሰገልን ኮከብ እንምረጥ። ቀለሙ ነጭና ቢጫ፣ ከታች ደግሞ የቄጤማ አረንጓዴ፣ በቃ።

ኮከቡን ካለቀ ደብተር ሽፋን መሥራት ይቻላል። ሦስቱም ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሦስት ማዕዘን ትቆርጣላችሁ። አንዱን ገልብጣችሁ በሌላው ላይ ስትለጥፉት ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይሆናል። ብልጭልጭ ዱቄት አትጨምሩበት፤ ወለል ላይ ከፈሰሰ እኮ በመጥረጊያ አይለቅም!

አሁን ዋናው ነገር ከፍታው ነው። ግብዣ ላይ ልጆች ይሮጣሉ። ሲባጎ በደረት ወይም በአንገት ልክ ከተወጠረ፣ የሚሮጥ ልጅ ሳያየው አንገቱን ሊይዘው ይችላል። መለኪያ ባይኖራችሁም በሩ ራሱ መለኪያ ነው፤ ማንኛውም የተንጠለጠለ ነገር ከበሩ አናት በታች እንዳይወርድ።

ለምሳሌ የጋራ መገልገያ ቤቱ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ የበሩ ከፍታ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ለሁለቱ ጫፍ ቋጠሮ ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨምረን 7 ሜትር ሲባጎ እንቆርጣለን። በየግማሽ ሜትሩ አንድ ኮከብ ስናስር 11 ኮከብ ይይዛል። ኮከቡ ከነክሩ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ሲባጎውም ክብደት ሲይዝ መሀሉ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይረግባል። ድምሩ 40 ነው። ስለዚህ ጫፎቹ 2 ሜትር ከ50 ላይ ከታሰሩ፣ መሀል ያለው ኮከብ ልክ ከበሩ አናት እኩል ይሆናል። ከዚያ በታች ከታየ የኮከቡን ክር ማሳጠር ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ሲባጎውን መሀል ለመሀል መወጠር ትታችሁ በግድግዳው ጥግ ጥጉን አስኪዱት።

ታዲያ ማን ይሰቅለዋል? ኮከቦቹን እኛ ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠን እናስራለን። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ጠንካራ መሰላል ላይ ወጥቶ ሁለቱን ጫፍ ብቻ ያስራል፤ ሌላ ሰው መሰላሉን ይይዝለታል። ወንበር ላይ ወንበር መደረብ የለም። የሚታሰረውም ከመስኮት ብረት ወይም ከጠንካራ ሚስማር ጋር ነው፤ ከመብራት ገመድ ጋር ግን በፍጹም አይታሰርም። ስኮች ግድግዳ ላይ መለጠፍም ጥሩ አይደለም፤ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይመጣል።

ፊኛ የሚወዱ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ሕፃናት አፍ ውስጥ ከገባ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ፊኛው ይቅር። ካለም ሲፈነዳ ቁራጩን ያኔውኑ ማንሣት ነው።

ቄጤማውን ደግሞ ውኃውን በደንብ አራግፋችሁ ቡና በሚፈላበት በኩል ብቻ ጎዝጉዙት። እርጥብ ቄጤማ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ በሩ አካባቢና ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ አይደረግ።

ሲያልቅ ጽዳቱ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ትልቁ ሰው ሲባጎውን በአንድ በኩል ፈትቶ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ ለዚህም ነው ቋጠሮው እንደ ጫማ ክር ሲስቡት የሚፈታ መሆን ያለበት። እኛ ሲባጎውን ካርቶን ላይ እየጠቀለልን ኮከቦቹን ሳንፈታ ለከርሞ እናስቀምጣለን። ቀጥሎ ጠረጴዛው ይጸዳል። መጨረሻ ላይ ቄጤማውና የረገፈው ፈንድሻ አብሮ ተጠርጎ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ወለሉ የሚወለወለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቄጤማው ሳይነሣ ውኃ ከፈሰሰበት ወለሉ ላይ ይጣበቃል።

መልካም ገና!